ፈሳሽና የረጋ የማሰብ ችሎታ

በሥነ ልቦና ተመራማሪው ሬይመንድ ካቴል ተጀምሮ በተማሪያቸው በጆን ሆርን የዳበረ የአእምሮ ችሎታ ክፍፍል። ፈሳሹ ችሎታ ቀድሞ ያልተማሩትን ችግር በማመዛዘን መፍታት ነው፤ ለምሳሌ በተደረደሩ ሥዕሎች መካከል ያለውን ሥርዓት አግኝቶ የጎደለውን ሥዕል በመምረጥ ይለካል። የረጋው በትምህርትና በኑሮ የተጠራቀመው ዕውቀት ሲሆን፣ በቃላት ፍችና በጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች ይመዘናል።

ከዕድሜ ጋር ያለው ለውጥ። ወጣቶችንና አረጋውያንን በአንድ ጊዜ የሚያነጻጽሩ ጥናቶች ፈሳሹ ችሎታ ከሃያዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ፣ የረጋው ግን እስከ ስድሳዎቹ ገደማ እንደሚያድግ ወይም ባለበት እንደሚቆይ ያሳያሉ። ሆኖም ወጣቶቹ የተሻለ ትምህርት ያገኙ ትውልድ ስለሆኑ፣ የትውልድ ልዩነት የዕድሜ ውጤት መስሎ ሊታይ ይችላል። ዋርነር ሻይ እ.ኤ.አ. በ1956 በሲያትል የጀመሩት ጥናት እነዚያኑ ሰዎች በየሰባት ዓመቱ ደጋግሞ ሲፈትን፣ በአብዛኞቹ ችሎታዎች ጉልህ ቅነሳ የታየው ከ60 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው።

የታይፒስቶች ምሳሌ። የተጠራቀመ ልምድ በዕድሜ የሚመጣውን መዘግየት ሊያካክስ ይችላል። ቲሞቲ ሶልትሃውስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ከ19 እስከ 72 ዓመት የሆናቸውን ታይፒስቶች ፈትነዋል። በዕድሜ የገፉት ለምልክት ምላሽ ለመስጠት ቢዘገዩም፣ ጽሑፍ ሲገለብጡ ከወጣቶቹ እኩል ይፈጥኑ ነበር። ምክንያቱ በፊታቸው የሚታዩት ፊደላት ቁጥር ሲቀነስ ታወቀ፤ አንጋፋዎቹ ይበልጥ ዘገዩ፤ ፍጥነታቸውን የጠበቁት ዓይናቸው ከጣታቸው ርቆ ወደፊት ስለሚያነብ ነበርና። ይህ ልምድ ግን የሚያግዘው በዚያው ሙያ ውስጥ ነው፤ በምላሽ ፍጥነት ፈተናው አልረዳቸውም።