ወሰን ሲገፋ፦ «ስኮፕ ቼንጅ ኖቲስ» በአማርኛ

ዓጅማን ተቀምጣ በግሏ የምትሠራ አንዲት ግራፊክ ዲዛይነር እናስብ። ዱባይ፣ ዴራ ላለ የሐበሻ ምግብ ቤት 12 ገጽ ሜኑ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ልትሠራ በ1,800 ድርሃም ተስማምታለች። ግማሹን፣ 900 ድርሃም፣ ተቀብላለች። ማስረከቢያው ሐሙስ ነው። ሰኞ ማታ ዋትሳፕ ላይ ከምግብ ቤቱ ባለቤት መልእክት ገባ።

«እህቴ፣ ሜኑዋን በዐረብኛም ብታደርጊያት? ትንሽ ነገር ናት።»

«እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ እሷ፦ «ግን ትንሽ ሒሳብ ይጨመርበታል እንግዲህ።»

«ግድ የለም፣ እንነጋገራለን።»

ጠቡ የተፀነሰው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «እሺ» ማለት «ሰማሁ» ሊሆን ይችላል፣ «ተስማማሁ»ም ሊሆን ይችላል። እሷ የመጀመሪያውን ብላ ይሆናል፤ እሳቸው የሰሙት ሁለተኛውን ነው። «ትንሽ»ም ለእሳቸው 50 ድርሃም፣ ለእሷ 700 ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ይቀየር አይቀየር ደግሞ ማንም አላነሳም።

የግንባታ ሰዎች ይህን ችግር ቀድመው ያውቁታል። ዱባይና ሻርጃ ሳይት ላይ የሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች «ቫሪየሽን» ይሉታል፤ ዐረቦቹ «አምር ተግዪሪ»፣ የለውጥ ትዕዛዝ፣ ይሉታል። በ1985 የወጣው የኤምሬትስ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 887 በተስማሙበት ንድፍ መሠረት በጥቅል ዋጋ ሥራ የያዘ ሰው ጭማሪ መጠየቅ እንደማይችል ደንግጎ ነበር። ንድፉ በአሠሪው ፈቃድ ከተለወጠ ግን ለለውጡ የተደረገው ስምምነት ይከበር ነበር። ለኮንትራክተር የተጻፈው ሐሳብ ለሜኑ ሠሪዋም ይገባል፤ ፈቃዱ መታየት አለበት።

ትዕዛዝ የሚሰጠው አሠሪው ነው። ሠራተኛው ቀድሞ የሚልከው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ «ስኮፕ ቼንጅ ኖቲስ» ይባላል፤ አማርኛው «የሥራ ወሰን ለውጥ ማሳወቂያ» ቢሆን ይበጃል። «ስኮፕ»ን «ስፋት» ማለት አይበቃም፤ ስፋት መጠኑን ይናገራል እንጂ የት እንደሚያበቃ አይናገርም። «ወሰን» ግን ገበሬው የሚያውቀው ቃል ነው፤ ጎረቤት በየዓመቱ አንድ ትልም እያረሰ ሲገባ «ወሰን ገፋ» ይባላል። ትንሽ በትንሽ የሚጨመር ሥራም የሚመጣው እንዲሁ ነው። «ማስታወቂያ»ን የተውነው ሰው ሲሰማው ሬዲዮ ላይ የሚነገረው ትዝ ስለሚለው ነው።

እንግዲህ የዲዛይነሯ ሁለት መስመር እንደገና ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሜኑው በዐረብኛም እንዲሆን ጠይቀውኛል፤ ደስ ይለኛል። የተስማማነው 12 ገጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በ1,800 ድርሃም ነበር። ዐረብኛው ከዚያ ውጪ ስለሆነ ለገጽ ሥራው 480፣ ለተርጓሚ 240፣ በድምሩ 720 ድርሃም ይጨምራል። አዲሱ ጠቅላላ ዋጋ 2,520 ይሆናል፤ 900 ስለከፈሉ የሚቀረው 1,620 ነው። ማስረከቢያው ከሐሙስ ወደ ቀጣዩ ማክሰኞ ይዛወራል። እስከ ነገ ማታ ‹እስማማለሁ› ብለው ከጻፉልኝ እጀምራለሁ፤ ካልሆነ የመጀመሪያውን ሥራ እንደተባባልነው ሐሙስ አስረክባለሁ።»

ጭማሪው ከየት እንደመጣ ይታያል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ቃላቱን መተካት ብቻ አይበቃም፤ የዋጋው ዓምድ፣ የምስሎቹ ቦታ፣ የገጾቹም ቅደም ተከተል ይገለበጣል። በገጽ 40 ድርሃም የተጠየቀው ለዚህ ነው፤ የተርጓሚው በገጽ 20 ነው። ምክንያቱ ሲነገር ደንበኛው የሚከራከረው በገጹ ቁጥር ላይ ይሆናል እንጂ በሴትዮዋ ቅንነት ላይ አይሆንም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ማስፈራሪያ አይደለም፤ ዝም ቢሉ ምን እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ከሌለ ዝምታውን እሷ እምቢታ፣ እሳቸው ፈቃድ አድርገው ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ስለ ታክስ አንድ ነገር። ኤምሬትስ ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ታስከፍላለች፤ መመዝገብ ግዴታ የሚሆነው ግን የዓመት ሽያጭ ከ375,000 ድርሃም ሲያልፍ ነው። ያልተመዘገበ ሰው 5 በመቶውን ጨምሮ መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ 720 ካለች 720 ነው።

ማሳወቂያው የሚሠራው ከሥራው በፊት ሲላክ ነው። ዐረብኛው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚላክ ከሆነ ደንበኛው ያልመረጠውን ዕዳ የሚያቀርብ የክፍያ መጠየቂያ ይሆናል።

ባለቤቱም ቁጥሩን አይተው ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ። «720 ከሆነ የምሳው ሦስት ገጽ ብቻ በዐረብኛ ይሁን» ቢሉ፣ ሦስት ገጽ በ60 ድርሃም 180፣ ጠቅላላው 1,980 ይሆናል። ያኔ እሷ ይህንኑ የሚገልጽ አዲስ ማሳወቂያ ትልካለች፣ የ720ው መቅረቱንም በአንድ መስመር ትጽፋለች።