የክሊኒክ አገልግሎት ገጽ ርዕስና መግለጫ አጻጻፍ፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚገኙ ተገልጋዮች

አንድ ተገልጋይ በእጅ ስልኩ «ደባርቅ አልትራሳውንድ» ብሎ ሲፈልግ የክሊኒኩን ገጽ ከመክፈቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ያነባል። የመጀመሪያው በጉልህ ፊደል የሚታየው የገጹ ርዕስ ሲሆን ሁለተኛው ከርዕሱ ሥር በአነስተኛ ፊደል የሚቀመጠው አጭር መግለጫ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ሜታ ታይትል እና ሜታ ዲስክሪፕሽን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሁለቱም በገጹ የኮድ ራስጌ ውስጥ የሚጻፉ ስለሆኑ ገጹን የከፈተ ሰው መግለጫውን ፈጽሞ አያየውም፤ ርዕሱንም የሚያየው በማሰሻው ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

የኢንተርኔት ግንኙነት በሚደክምበት አካባቢ ብዙ ሰው ገጹ እስኪከፈት አይጠብቅም። ስለዚህ እነዚህ ሁለት መስመሮች የክሊኒኩ በር ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ያገለግላሉ፤ ተገልጋዩም ጉዞውን የሚወስነው በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ሊሆን ይችላል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ወረዳ የምትመጣ ነፍሰ ጡር አገልግሎቱ በማይሰጥበት ቀን ከደረሰች ወይ አድራ ትጠብቃለች፣ ወይ ሳትታይ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት አንዲት ነፍሰ ጡር ከ24ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ መታየት ይኖርባታል። በከንቱ የባከነ አንድ ጉዞ ይህን ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል።

የሥራ ምሳሌ

ለማብራራት ያህል በደባርቅ ከተማ የሚገኝ አንድ ክሊኒክ እንውሰድ። ክሊኒኩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የእርግዝና ክትትል ያደርጋል። የአልትራሳውንድ ባለሙያው የሚገኘው ግን ማክሰኞና ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:00 ብቻ ነው። ክሊኒኩ የማዋለድ አገልግሎት አይሰጥም። በመጀመሪያ የተጻፈው የገጹ ርዕስ «እንኳን ወደ ክሊኒካችን ድረ ገጽ በደህና መጡ» የሚል ሲሆን መግለጫው «በዘመናዊ መሣሪያና በሰለጠነ ባለሙያ ጥራት ያለው የተሟላ የጤና አገልግሎት 24 ሰዓት እንሰጣለን» ይላል።

ርዕሱ ከተማውንም ሆነ አገልግሎቱን አይጠራም። የመግለጫው ጉድለት ግን ከዚህ የከፋ ነው። «የተሟላ» እና «24 ሰዓት» የሚሉት ቃላት ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ወደ ክሊኒኩ ሊያመጧት ይችላሉ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ስትላክ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ የታረመው ራስጌ የሚከተለውን ይመስላል፦

```html
<html lang="am">
<head>
<meta charset="utf-8">
<title>የእርግዝና ክትትልና አልትራሳውንድ፣ ደባርቅ | የክሊኒኩ ስም</title>
<meta name="description" content="አልትራሳውንድ ማክሰኞና ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:00። የእርግዝና ክትትል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ማዋለድ የለም፤ ለምጥ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ደባርቅ፣ መናኸሪያ አጠገብ።">
</head>
```

ርዕሱ በአገልግሎቱ ስም ይጀምራል፣ ከተማውን ያስከትላል፣ የክሊኒኩን ስም መጨረሻ ላይ ያኖራል። ክሊኒኩን በስሙ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል፤ ርዕሱ በዋናነት የሚጻፈው ስሙን ለማያውቀው ነው። በመግለጫው ውስጥ ቀንና ሰዓት ቀድመው የገቡት ጽሑፉ ከመጨረሻው ቢቆረጥ እንኳ እንዲተርፉ ነው። «ማዋለድ የለም» የሚለው ሐረግ ለአንዳንድ ባለቤቶች ገበያ የሚያርቅ ይመስላቸው ይሆናል። ሆኖም ከመላው መግለጫ ውስጥ መቼም መውጣት የሌለበት ይህ ነው።

ጎግል ለርዕስ የተወሰነ የፊደል ብዛት አላወጣም። ርዕሱ የሚቆረጠው በማሳያው ስፋት ልክ ነው። ለላቲን ፊደል የተለመደው ግምት ከ50 እስከ 60 ቁምፊ ቢሆንም የግዕዝ ፊደል በአብዛኛው ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ ይህ ግምት ለአማርኛ አይሠራም። ከላይ ያለው ርዕስ ክፍት ቦታዎችን ጨምሮ 38 ቁምፊ ነው። ከ40 ሳያልፉ መጻፍና ከወጣ በኋላ በአነስተኛ ስልክ ላይ ማየት ይመረጣል። መግለጫው ሊረዝም ይችላል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ 80 ቁምፊዎች ውስጥ መግባት ይኖርበታል። `charset="utf-8"` የሚለው መስመር ከተረሳ ወይም ፋይሉ በሌላ አቀማመጥ ከተቀመጠ ደግሞ ፊደሉ በማይነበቡ ምልክቶች ሊተካ ይችላል።

የቦታና የአገልግሎት ስም

ጎግል ለአካባቢያዊ ውጤቶች ደረጃ ሲሰጥ ከፍለጋው ጋር ያለውን ተዛማጅነት፣ የቦታውን ርቀትና የተቋሙን ታዋቂነት እንደሚያይ አስታውቋል። ርቀትን ለማስላት ፈላጊው ያለበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልገዋል። በስልኩ ላይ የቦታ መጠቆሚያው ተዘግቶ ከሆነ ግምቱ በኢንተርኔት ግንኙነቱ አድራሻ ላይ ሊመሠረትና ዳባት ያለውን ሰው ሌላ ከተማ እንዳለ ሊቆጥረው ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያድነው ፈላጊው የሚጽፈው የከተማ ስም በርዕሱ ውስጥ መገኘቱ ነው።

የከተማውን ስም ያለ ቅጥያ ለብቻው መጻፍ ይመከራል። «በደባርቅ» እና «ደባርቅ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም የፍለጋ ሥርዓቶች የአማርኛን ቅድመ ቅጥያ ሁልጊዜ ለይተው አያነሡም፤ ፈላጊውም በብዛት የሚጽፈው «ደባርቅ ክሊኒክ» ብሎ ነው። በምሳሌው ርዕስ ውስጥ ከተማው ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ራሱን ችሎ የቆመው ለዚህ ነው።

«ሰሜን» የሚለው ቃል የተለየ ችግር አለው። የተራሮቹ ስም ከመሆኑም በላይ አቅጣጫን ያመለክታል፤ ስለዚህ «ሰሜን ክሊኒክ» የሚል ርዕስ ከየትኛውም ከተማ ሰሜናዊ ክፍል ካለ ተቋም ጋር ይቀላቀላል። «ስሜን» ብለው የሚጽፉም አሉ። ተራራውን መጥቀስ ካስፈለገ «ሰሜን ተራሮች» ብሎ በመግለጫው ወይም በገጹ አካል ውስጥ ማስገባት የተሻለ ነው። የተለያዩ አጻጻፎችን በርዕሱ ውስጥ መደርደር ግን ቦታ ከመጨረስ በቀር አይጠቅምም። ጎግል ለቁልፍ ቃላት ዝርዝር ተብሎ የተዘጋጀውን `keywords` የተባለ መለያም ሆነ የመግለጫውን ጽሑፍ ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀም እ.ኤ.አ. በ2009 ገልጿል። መግለጫው የሚጻፈው ለሰው ነው።

ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ደባርቅ ላይ ብቻ የሚሠራ ክሊኒክ የዳባት ፈላጊዎችን ለማግኘት ሲል በርዕሱ ላይ «ዳባት» ብሎ ቢጽፍ ሰውን ወደሌለ በር መላክ ይሆንበታል። ጽሑፋቸው አንድ ሆኖ የከተማ ስም ብቻ የሚለዋወጥባቸው ገጾችም በፍለጋ ደንቦች የተከለከሉ ናቸው። ቅርንጫፍ ከሌለ በገጹ አካል ውስጥ ከዳባት ለሚመጡ ተገልጋዮች ስለ ትራንስፖርቱና ስለ መውረጃው ቦታ አንድ እውነተኛ አንቀጽ መጻፍ ይበቃል።

በአገልግሎት ስምም ረገድ «ቅድመ ወሊድ ክትትል» በመዝገብና በመመሪያ ውስጥ የሚታወቅ ቢሆንም ተገልጋዩ «የእርግዝና ክትትል» ማለት ይቀናዋል። በርዕሱ የሕዝቡን አጠራር፣ በገጹ አካል የሙያውን ቃል መጠቀም ሁለቱንም ያስታርቃል።

ሰዓት አጻጻፍ

በአማርኛ መግለጫ ውስጥ «ከጠዋቱ 2:30» ትክክል ነው። በጎግል ካርታ ላይ የሚመዘገበው የክሊኒኩ የሥራ ሰዓት ግን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ ይኸው ሰዓት 8:30 AM ተብሎ መግባት አለበት። ከጠዋቱ 2:30 እስከ ከሰዓት በኋላ 11:30 የሚሠራ ክሊኒክ ቁጥሮቹን እንዳሉ 2:30 AM እና 11:30 AM ብሎ ቢያስገባ ካርታው ክሊኒኩ ከሌሊቱ 8:30 ጀምሮ ክፍት እንደሆነና ከረፋዱ 5:30 በኋላ እንደተዘጋ ያሳያል። ስሕተቱ በጠዋት ሲያዩት አይታወቅም፤ ካርታው ያኔ «ክፍት» ይላልና። ከምሳ በኋላ ከፍተው «ተዘግቷል» የሚል ካገኙ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚያልፉ የውጭ አገር ጎብኚዎች በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ ገጽ ካለ የራሱ አድራሻ፣ የራሱ `lang="en"` መለያና በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የተጻፈ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ጎብኚዎቹ ከከፍታ ሕመም ጋር የተያያዘ አገልግሎት ሊፈልጉ ይችላሉ። ክሊኒኩ ኦክስጅን ከሌለው በዚያ ገጽ መግለጫ ላይ እንዳለው ማስመሰል የለበትም።

ከወጣ በኋላ የሚደረግ ማጣራት

የተጻፈው ርዕስ ሁልጊዜ እንዳለ አይታይም። ጎግል ርዕሱ ከገጹ ይዘት ጋር አልገጠመም ብሎ ሲገምት ከገጹ ዋና አርዕስት ወይም ከሌላ ክፍል ወስዶ ይተካዋል፤ መግለጫውንም ከገጹ አካል በቀነጨበው ዓረፍተ ነገር ይለውጠዋል። ይህን ሙሉ በሙሉ መከልከል ባይቻልም ዋናው አርዕስት (`h1`) ከርዕሱ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ የመለወጡ ዕድል ይቀንሳል። የአልትራሳውንድ ቀናትና «ማዋለድ የለም» የሚለው ማሳሰቢያም በገጹ የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ መደገም አለባቸው፤ መግለጫው ቢተካ እንኳ የሚቀነጨበው ከዚያ ሊሆን ይችላልና።

ማጣራቱ የሚደረገው ከክሊኒኩ የዕለት ተዕለት ስልክ ሳይሆን ቀድሞ ገጹን ከፍቶ በማያውቅ ስልክ ወይም በማሰሻው የግል መስኮት ነው። «ደባርቅ አልትራሳውንድ» ብሎ መፈለግ፣ ርዕሱ የት ላይ እንደተቆረጠና መግለጫው የትኛው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ገጹ ጨርሶ ካልታየ `site:` ብሎ የድረ ገጹን አድራሻ ማስከተል ገጹ በፍለጋ መዝገብ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ለመገመት ይረዳል። የተስተካከለ ጽሑፍ እስኪታይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያው የሚገኝበት ቀን ሲለወጥ ገጹን ማረም ብቻውን አይበቃም፤ የቀድሞው ቀን ከፍለጋ ውጤቱ እስኪጠፋ ድረስ በድሮው ቀን የሚመጡ እናቶች እንደሚኖሩ ታሳቢ አድርጎ ተረኛ ባለሙያ መመደብ ወይም ከሌላ ተቋም ጋር መነጋገር ይገባል።