ብሬከሩ የማያየው እሳት

አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው የድሮውን ባልቦላ አስነቅሎ አዲስ ብሬከር ሲያስገባ ቤቱ ከእሳት የዳነ ይመስለዋል፡፡ እኔ ግን በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህም ሆነ በቶጎ ውጫሌ ላለ ቤት አስቀድሜ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፡፡ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ስንት ነው? ኧርዙስ በደረቁ ወራት ምን ያህል ይሠራል?

ባልቦላም ሆነ ብሬከር በዋናነት የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው፡፡ 3,500 ዋት የሚፈጅ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፡፡ ለመብራት የተዘረጋ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን ለሰዓታት ሲሸከም አቅሙ ጫፍ ላይ ነው፡፡ ባለ 10 አምፔሩ ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ ባለቤቱ በ32 ያስቀይረዋል፤ ወይም የተቃጠለውን ባልቦላ በመዳብ ክር ያስጠግነዋል፡፡ ከዚያ በኋላ መብራት አይጠፋም፤ የሽቦው ልባስ ግን በግድግዳው ውስጥ ቀስ በቀስ ይበስላል፡፡ መፍትሔው ብሬከሩን ማሳደግ ሳይሆን ለምጣዱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው ዘርግቶ በ20 አምፔር ብሬከር መጠበቅ ነው፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ የአካባቢው አፈር ነው፡፡ የምጣዱ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በኧርዝ ሽቦው አድርጎ ግቢ ውስጥ በተተከለው ዘንግ ወደ መሬት ይፈስሳል፡፡ በዝናብ ወቅት የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን የሚፈስሰው 11 አምፔር ነው፡፡ በጅላል አፈሩ ደርቆ ተቃውሞው 100 ኦም ቢደርስ ደግሞ 2.2 አምፔር ብቻ ይሆናል፡፡ ይህ ለብሬከሩ ከአንድ ካውያ ያነሰ ጭነት ስለሆነ አይወርድም፡፡ የምጣዱ ብረት ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል፤ የተላጠውም ቦታ መጋሉን ይቀጥላል፡፡ ዘንጉ ላይ ውኃ ማፍሰስ ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ ጨው መጨመር ግን ብረቱን ያስበላዋል፡፡

ስለዚህ ከብሬከሩ ጋር አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል፡፡ አርሲዲ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ አነጻጽሮ ልዩነት ሲያገኝ ይቆርጣል፡፡ ለሶኬቶች ባለ 30 ሚሊ አምፔር፣ ለዋናው መስመር ደግሞ ለእሳት መከላከያ የሚሆን ባለ 300 ሚሊ አምፔር እመርጣለሁ፡፡ ዘንጉ 100 ኦም ቢሆን እንኳ ሁለቱም በአግባቡ ይሠራሉ፡፡ በአሮጌ ቤት ኧርዝና ኒውትራል ከአርሲዲው በኋላ አንድ ላይ ታስረው ከሆነ መሣሪያው ያለማቋረጥ ይወርዳል፡፡ ያኔ ባለሙያው የታሰረበትን ቦታ ፈልጎ መለየት እንጂ መሣሪያውን ማለፍ የለበትም፡፡

አርሲዲም ቢሆን የላላ ብሎን የሚፈጥረውን ግለት አያይም፡፡ የጠቆረ ሶኬት ወይም የሚሞቅ ስፒና ካለ ወዲያው መከፈት አለበት፡፡ የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍም የሚፈትሸው መሣሪያውን እንጂ ዘንጉን አይደለም፡፡ ዘንጉ በኧርዝ መለኪያ መለካት አለበት፤ ለዚህም ትክክለኛው ጊዜ አፈሩ ክፉኛ የሚደርቅበት የጅላል ማብቂያ ነው፡፡