የሐዋላ ነገር፦ ከሪያድ እስከ ቡታጅራ

ቃላት አንዳንድ ጊዜ ከሰው ይልቅ ይሰደዳሉ። «ሐዋላ» የምንለውን ቃል ከዐረብኛ ወስደን፣ ከፖስታ ቤት መስኮት ላይ ለጥፈን፣ ለብዙ ዘመን ስንጠቀምበት ኖረናል። «የፖስታ ሐዋላ» ሲባል የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት፣ ደረሰኝ ያለው ገንዘብ ማለት ነበር። ዛሬም ባንኮቻችን «የሐዋላ አገልግሎት» ብለው በግድግዳቸው ላይ ይጽፋሉ። በውጪው ዓለም ጋዜጦች ግን ያው ቃል የሚጠራው ከባንክ ውጪ፣ ያለ ደረሰኝ፣ በመተማመን ብቻ ለሚተላለፍ ገንዘብ ነው። እኛ ያንን «ጥቁር ገበያ» እንለዋለን፤ ረጋ ያልን ጊዜ ደግሞ «ትይዩ ገበያ»። እንግዲህ አንድ ቃል በሁለት መንገድ ላይ ቆሟል። የቡታጅራ እናቶችም እንደዚያው ናቸው፤ ሁለቱንም መንገድ ያውቋቸዋል።

ጉራጌ ገንዘብ ወደ አገር ቤት መላክ የጀመረው ከጅዳና ከቤይሩት አይደለም፤ ከመርካቶ ነው። የወልቂጤ አካባቢ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ በጉልበቱም ሆነ በንግድ ያገኘውን የሚልከው በሚያምነው ሰው እጅ ነበር። ቀሪውን ራሱ ለመስቀል ሲወርድ ይዞት ይሄዳል። ያኔ የመላኪያ ዋጋው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የተሸካሚው ታማኝነት። ምንዛሪ የሚባል ጣጣ አልነበረበትም፤ ከመርካቶ የወጣ አንድ ብር ወልቂጤ ሲደርስም አንድ ብር ነው። በውጪ አገር ገንዘብ መላክ ሲመጣ የተለወጠው ይኸው ነው። ገንዘቡ በመንገድ ላይ ስሙን ይቀይራል፤ ስሙን ሲቀይር ደግሞ መጠኑም ይቀየራል።

ከ1965 እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በመንግሥት ዋጋ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ነገሥታቱ ወርደው ደርግ ወጣ፣ ደርግም ወረደ፣ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ግን አልተነቃነቀም። በጓዳ ገበያ ዶላሩ ከዚያ እጥፍ በላይ ያወጣ ነበር። በ1985 መንግሥት ብሩን ወደ 5 ብር አወረደው፤ ከዚያ ወዲያ በነሐሴ 2002 እና በጥቅምት 2010 ሁለት ትላልቅ ቅነሳዎች ተደረጉ። በመካከሉ ከ1987 ጀምሮ የግል ባንኮች ተከፈቱ፤ ከዓለም አቀፍ ገንዘብ አስተላላፊዎች ጋር ተዋውለውም በየከተማው መስኮት አበጁ። ቡታጅራም የዚህ ዕድል ተካፋይ ሆነች። ሴት ልጆቿ ወደ ዐረብ አገር በብዛት የሚሄዱባት ከተማ ናትና፣ መስኮቱ ፊት የሚሰለፉት በአብዛኛው እናቶች ነበሩ።

የዛሬ ወግ ከእነዚህ እናቶች አንዷን ይመለከታል። ስማቸውን አልጽፍም፤ «እትዬ» እያልኩ ነው የማወራቸው። ሁለት ልጆች ወደ ሳዑዲ ልከዋል፤ ታላቂቱን በ2004፣ ታናሺቱን ከዓመታት በኋላ። የሁለቱ እህቶች ገንዘብ የመጣበት መንገድ የተለያየ ነው። ልዩነቱን ስሰማ የኖርኩበት አስተሳሰብ ተናጋብኝ። እኔ ሰው ጥቁር ገበያ የሚሄደው ለትርፍ ብሎ ብቻ ይመስለኝ ነበርና።

ታላቂቱ የሄደችው በየመን በኩል ነው፤ በእግር፣ በጀልባ። ሪያድ ስትገባ በእጇ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም። ኢቃማ የሌለው ሰው ባንክም ሆነ የገንዘብ አስተላላፊ መስኮት ቢቀርብ አይስተናገድም፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢቃማሽን አምጪ» ነው። ስለዚህ ደመወዟን ለአንድ የአገሯ ሰው ትሰጣለች፤ እሱ ለባለ ሱቅ፤ ባለ ሱቁ ቡታጅራ ላለ ሰው ይደውላል፤ እናት ብር ይቀበላሉ። በዚያን ጊዜ ዶላሩ በባንክ 19 ብር ገደማ ነበር፤ በመንግሥትና በጓዳው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትም ጠባብ ነበር። ልጅቷ ወደ ጓዳው የሄደችው ዋጋ ፍለጋ ሳይሆን ወረቀት ስላልነበራት ነው። የትኛውም የዋጋ ሰንጠረዥ እሷን አይጨምራትም ነበር።

የጥቅምት 2006 መጨረሻ መጣ። ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማሰስ ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ልጅቷም ያጠራቀመችውን 6 ሺህ ሪያል ከመያዟ በፊት ልላከው ብላ ለዚያው ሰው ሰጠች። ሰውየው ግን ራሱም ተያዘ ይባላል፤ ሸሸም ይባላል። ብሩ ቡታጅራ አልደረሰም። ደረሰኝ የለ፣ ከሳሽ የለ፣ ምስክር የለ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ሁለት ዓመት የምን ያህል ሌሊት እንቅልፍ ነው?» አሉኝ። ስሌቱን አልሞከርኩትም።

ታናሺቱ የሄደችው በውል ነው፤ ኢቃማ አላት፣ ስልኳ ላይ የገንዘብ መላኪያ አፕ አለ። ይህችኛዋ በሕጋዊው መስኮት መግባት ትችላለች። ግን ከሐምሌ 2016 በፊት እዚያ መግባት ለእናቷ ኪሳራ ነበር። የሳዑዲ ሪያል ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ አንድ ዶላር 3 ነጥብ 75 ሪያል ነው። ስለዚህ የሪያልን ዋጋ ለማወቅ የዶላሩን ዋጋ ለ3 ነጥብ 75 ማካፈል ይበቃል። በዚያ ክረምት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ከምናምን ነበር፤ ሪያሉ 15 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በጓዳው ግን ዶላሩ ከ110 በላይ ይሸጥ ስለነበር ሪያሉ 30 ይጠጋ ነበር። አንድ ሺህ ሪያል በባንክ 15 ሺህ ብር፣ በጓዳ 30 ሺህ። እትዬ መሃይም ነኝ ቢሉም፣ ይህንን ሂሳብ ከባንክ ሠራተኛው ቀድመው ያውቁት ነበር።

ብሩ በጓዳው እንዴት እንደሚመጣ መረዳት ይጠቅማል። ሪያሉ ወደ ኢትዮጵያ አይመጣም። እዚያው ወይም ዱባይ ይቀርና የአንድ አስመጪ ዕቃ ይገዛበታል። አስመጪው ደግሞ እዚህ ያለውን ብር በእናት የባንክ ሂሳብ እንዲገባ ያደርጋል። ስለዚህ እትዬ ባንክ ሲሄዱ የማያውቁት ሰው ስም ያለበት የብር ገቢ ያገኛሉ። ባንኩ ብር አገኘ እንጂ የውጭ ምንዛሪ አላገኘም። ሕጉም ይህንን ይከለክላል፤ ነገሩ ቢበላሽ አቤት የሚባልበት በር የለም። ታላቂቱ እህት በሕይወቷ ያየችው ይኸው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በዚያው ቀን የንግድ ባንክ የመግዣ ዋጋ ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። የጓዳው ልዩነት ከዚያ ወዲህ ሲሰፋም ሲጠብም ታይቷል፤ ጨርሶ አልጠፋም። ግን እጥፍ መሆኑ ቀረ። ይህ ሲሆን እስከዚያ ድረስ ማንም ያልተጨነቀበት ጥያቄ ብቅ አለ፦ ከሕጋዊዎቹ መስኮቶች የትኛው ይሻላል? እጥፍ የሚከፍል ሰው እያለ የ20 ሪያል ክፍያን ማን ያስተውላል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማስታወቂያው «ያለ ክፍያ» ሲል ልባችን ይሞቃል። ገንዘብ አስተላላፊ ግን በሁለት እጁ ይወስዳል፤ አንዱ የሚታይ ክፍያ ነው፣ ሌላው የማይታይ፣ በምንዛሪው ውስጥ የተደበቀ ነው። ከታናሺቱ ጋር በስልክ ሆነን በምሳሌ አሰላነው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያበጀናቸው ናቸው። በዕለቱ ባንኮች የሚለጥፉት ዋጋ ለሪያል 32 ብር ነው እንበል። ከኪሷ የሚወጣው 1 ሺህ ሪያል ነው፤ ምንም ባይነካ 32 ሺህ ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ወኪል 25 ሪያል ክፍያ ወስዶ በ31 ነጥብ 2 ይመነዝራል፤ እናት 30 ሺህ 420 ያገኛሉ። ሁለተኛው አፕ ክፍያ የለውም፤ ግን የሚመነዝረው በ30 ነው፤ 30 ሺህ ይደርሳል። ሦስተኛው ከባንክ ወደ ባንክ ነው፤ 15 ሪያል ይወስዳል፣ በ31 ነጥብ 5 ይመነዝራል፤ 31 ሺህ 27 ይሆናል። «ነፃ» የተባለው ከሁሉ ውድ ሆኖ ተገኘ፤ ከመቶ ስድስት በላይ ወስዷል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማቆም አይገባም። የሚላከውን 200 ሪያል እናድርገው። ምንም ባይነካ 6 ሺህ 400 ብር ነው። የመጀመሪያው ወኪል ያንኑ 25 ሪያል ይወስዳል፤ የሚደርሰው 5 ሺህ 460። ባንኩ 5 ሺህ 827 ያደርሳል። «ነፃው» አፕ 6 ሺህ። አሁን ደግሞ ነፃው ቀዳሚ ሆነ! ቋሚ ክፍያ ትንሽን ገንዘብ ይበላል፤ የምንዛሪ ቅናሽ ትልቁን ይበላል። ስለዚህ በየወሩ 200 ከመላክ ይልቅ የሦስት ወሩን አንድ ላይ መላክ ክፍያውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ እናት ቤት የታመመ ሰው ከሌለ ማለት ነው። በሳዑዲ በክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንዳለም አይረሳ።

ስለዚህ ልጅቷን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ አልኳት፦ «ከእጄ ይህን ያህል ሪያል ቢወጣ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» ክፍያውን ለብቻ፣ ምንዛሪውን ለብቻ መጠየቅ ያደናግራል። ጥያቄው በአንድ ቀን፣ ከተቻለም በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ይቅረብ፤ የትናንትን ዋጋ ከዛሬው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። የዓለም ባንክ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመላኪያ ዋጋን እየለካ ያወጣል፤ የተባበሩት መንግሥታትም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከመቶ ሦስት በታች እንዲሆን ዒላማ አስቀምጠዋል። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ አሁንም ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይከፍላል። ልጅቷ በራሷ ስሌት ከመቶ ሦስት አካባቢ ካገኘች ደህና ዋጋ አግኝታለች።

ሌላም አለ። ገንዘቡ ደርሶም ላይወጣ ይችላል። አንዴ ልጅቷ የእናቷን ስም በላቲን ፊደል የጻፈችበት አኳኋን ከመታወቂያው ጋር ስላልገጠመ፣ እትዬ ከመስኮቱ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ ማስተካከያው እስኪመጣ ሳምንት ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ የመታወቂያቸው ፎቶ ልጅቷ ስልክ ላይ ተቀምጧል፤ ስም የሚጻፈው እያዩ ነው።

ቡታጅራ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ሆና ቀርታለች። የአስተዳደር ወሰን ተለያየ እንጂ የመስኮቱ ሰልፍ አንድ ዓይነት ነው። ባለፈው ስሄድ እትዬን ታናሺቱ በምን እንደምትልክ ጠየቅኳቸው። «በባንክ ነው» አሉ። «ጥቁሩ ትንሽ ይጨምራል ይላሉ፤ እኔ ግን ወረቀቱን እፈልጋለሁ።» ከትራሳቸው ሥር አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡ። ደረሰኞች ናቸው፤ በቀን ተራ የተደረደሩ። ታላቂቱ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ ቡና ትቆላ ነበር፤ ወደ ከረጢቱ ቀና ብላ አላየችም።