የአማካዮች መቀዳደም

ሽንኩርት ባለፉት ዐሥር ቀናት በየቀኑ አንድ አንድ ብር እየጨመረ ከ91 ተነስቶ ዛሬ 100 ብር ገባ እንበል። የዐሥሩን ቀን ዋጋ ደምራችሁ ለዐሥር ስታካፍሉት 95 ብር ከ50 ይመጣል። በዚህ ዋጋ ግን ዛሬ የሚሸጥላችሁ የለም፤ ከአራት ቀን ተኩል በፊት የነበረ ዋጋ ነው። ነገ ኪሎው 101 ቢገባ፣ 91 ብር የነበረበት ቀን ከስሌቱ ይወጣል፣ 101 ይገባል፣ አማካዩም ወደ 96 ብር ከ50 ከፍ ይላል። አሮጌውን ቀን እየጣለ አዲሱን እያነሣ አብሮ ስለሚሄድ «ሙቪንግ አቬሬጅ» ይሉታል፤ ተንቀሳቃሽ አማካይ ብንለው አንሳሳትም።

የአክሲዮን ዋጋ በሚነበብበት ቻርት ላይ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮችን ይሥላሉ፤ ለምሳሌ አንዱ የዐሥር ቀን፣ ሌላው የሃያ ቀን። አጭሩ ከታች መጥቶ ረጅሙን ሲያልፍ ግዛ፣ ከላይ ወርዶ ሲያልፈው ሽጥ ይባላል። የእንግሊዝኛ ስሙ «ክሮስኦቨር» ነው። «መሻገሪያ» የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን መሻገሪያ ሲባል ድልድይ ነው የሚታየኝ። «መቋረጥ» ቢባልም መብራት የጠፋ ይመስላል። እዚህ የሚሆነው አንዱ ሌላውን መቅደም፣ ቆይቶም በተራው መቀደም ስለሆነ «የአማካዮች መቀዳደም» የሚለውን መርጫለሁ።

ይህ ምልክት ዘግይቶ የሚመጣው ፕሮግራሙ ስለተበላሸ አይደለም፣ ከስሌቱ የተነሣ ነው። በዐሥር ቀን አማካይ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ዕድሜ በአማካይ አራት ቀን ተኩል ነው፤ በሃያው ውስጥ ያሉት ደግሞ ዘጠኝ ቀን ተኩል። ስለዚህ መቀዳደሙን ስንጠብቅ ሁለት የቆዩ ወሬዎችን እያወዳደርን ነው።

አንድ አክሲዮን በየቀኑ አንድ ብር እየጨመረ 100 ደርሶ፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ብር መውረድ ጀመረ እንበል። ጫፉ ላይ በዋለበት ዕለት የዐሥሩ አማካይ 95 ብር ከ50፣ የሃያው 90 ብር ከ50 ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዋጋው 91 ወርዷል፤ የዐሥሩ አማካይ ግን ዞሮ አሁንም 95 ከ50 ላይ ነው፣ የሃያውም 95 ደርሷል። አጭሩ አሁንም ከላይ ስለሆነ ምልክት የለም። በዐሥረኛው ቀን ዋጋው 90 ሲሆን አጭሩ 94 ከ50 ይሆንና ከ95 በታች ይገባል። «ሽጥ» የሚለው ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው፣ ዐሥር ብር ካለፈ በኋላ። ወደ ላይ በሚደረገው ጉዞም ያው ነው፤ ከወለሉ ዐሥር ብር ከተነሣ በኋላ «ግዛ» ይላል።

በዚህ ሒሳብ ዋጋው ከ80 ወደ 100 በሃያ ቀን ወጥቶ በሃያ ቀን ቢመለስ፣ ገዢው በ90 ገብቶ በ90 ይወጣል። ኮሚሽኑ ኪሳራው ነው። ጉዞው የዐሥራ አራት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ86 እስከ 100፣ በ96 ገዝቶ በ90 ይሸጣል። ከ60 እስከ 100 አርባ ቀን የፈጀ ከሆነ ግን በ70 ገዝቶ በ90 ይሸጣል፤ ከአርባው ብር ሃያው ይቀርለታል። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት አማካዮች ከመነገዱ በፊት የሚጠየቀው፣ ይህ አክሲዮን አንድ አቅጣጫ ይዞ ሲሄድ ከሃያ ቀን በላይ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ስዊንግ ትሬደር ማለት ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይዞ የሚቆይ ነጋዴ ስለሆነ፣ የሚያድነው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ድንበር ግራና ቀኝ ነው የሚወድቀው።

አማካዮቹን ማሳጠር መዘግየቱን ይቀንሳል፤ በምትኩ በየትንሹ ወዝወዝታ ይቀዳደማሉ። ለቅርብ ቀናት የበለጠ ክብደት የሚሰጠው «ኤክስፖኔንሻል» የሚባለው ዓይነትም የዋጋዎቹ አማካይ ዕድሜ ሲሰላ ከተራው እኩል ይወጣል። ለመጀመሪያው ለውጥ ቶሎ ይደነግጣል፣ አሮጌውን ግን ጨርሶ አይረሳም።

የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ነው፤ እዚያ የሚጠበቀው የሃምሳ ቀኑና የሁለት መቶ ቀኑ መቀዳደም ነው። አጭሩ ወደ ታች ሲያልፍ «የሞት መስቀል»፣ ወደ ላይ ሲያልፍ «ወርቃማ መስቀል» ይሉታል። (በአማርኛ ሲባል ስሙ ከነገሩ ይከብዳል።) በኮሮናው ጊዜ በፈረንጆቹ 2020 ጠቋሚው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 3,386 ላይ ነበር፤ ማርች 23 ቀን 2,237 ላይ ወለሉን መታ። የሞት መስቀሉ የታየው ማርች 30 ቀን፣ ከወለሉ ሳምንት በኋላ፣ ጠቋሚው 2,627 ገደማ ተመልሶ ሳለ ነው። ወርቃማው የመጣው ጁላይ 9 ቀን 3,152 ላይ ነው። በመጀመሪያው ሸጦ በሁለተኛው የገዛ ሰው ያንኑ ዕቃ 20 በመቶ አስወድዶ መልሶ ወሰደ።

በ2007 ዲሴምበር የታየው የሞት መስቀል ግን ሌላ ነው። ያኔ ጠቋሚው ወደ 1,480 ነበር፤ ወርቃማው በጁን 2009 ሲመጣ ወደ 900 ወርዶ ነበር። ስሌቱ ያው ነው፣ መዘግየቱም ያው ነው። ልዩነቱ ያኛው መውረድ ከጫፍ እስከ ወለል 17 ወር ሲፈጅ፣ የ2020ው ከአምስት ሳምንት ያነሰ መሆኑ ነው።

ለስዊንግ ትሬደር እኔ የምመክረው መቀዳደሙን እንደ ጥሪ ሳይሆን እንደ ማጥለያ እንዲይዘው ነው። የሃያ ቀኑ አማካይ ከሃምሳው በላይ ከሆነና ሁለቱም እያጋደሉ የሚወጡ ከሆነ፣ መግዛትን ብቻ ያስባል፤ መቼ የሚለውን ግን ከዋጋው ራሱ ያነብባል። የሃያው አማካይ 240፣ የሃምሳው 228 ነው እንበል። ዋጋው ከ256 ወደ 241 አፈገፈገ፣ ከዚያ አንድ ቀን ከትናንቱ ከፍተኛ ዋጋ በላይ 245 ላይ ዘጋ። እሱ በ245 ይገባል፣ ማቆሚያውን ከማፈግፈጉ ወለል በታች 238 ላይ ያደርጋል። የሚያሰጋው ሰባት ብር ነው፣ የሚጠብቀው ቢያንስ ወደ 256 መመለስን፣ ማለትም ዐሥራ አንድ ብር። አማካዮቹ የተቀዳደሙት ከሳምንታት በፊት ነው፤ ያ ምንም አይጎዳውም፣ ምክንያቱም የጠየቃቸው «ወንዙ ወዴት ይፈስሳል» ብቻ ነው፣ ይህም በአንድ ቀን የሚለወጥ ነገር አይደለም።

ማጥለያው የማይሠራበትን ገበያ በዓይን መለየት ይቻላል። ሁለቱ መስመሮች ተጋድመው ተጠላልፈዋል፣ ዋጋውም በየሁለት ሦስት ቀኑ ሁለቱንም ይቆርጣል፣ በመካከላቸው ያለውም ክፍተት አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከሚወጣው ከሚወርደው ያንሳል። እንዲህ ሲሆን መቀዳደሙ ምንም አልነገረንም፤ ሌላ ቻርት መክፈት ይሻላል።

ደኅና ጉዞም ቢሆን አንድ ቀን ያልቃል። የመጨረሻው ማፈግፈግ ሲመጣ ሃያው ከሃምሳው በላይ እንደሆነ ነው፣ ከቀደሙት ማፈግፈጎችም በምንም አይለይም። ነጋዴው እንደ ሁልጊዜው በ245 ይገባል፣ ዋጋው 238ን ጥሶ ይወርዳል፣ ሰባት ብሩን ከፍሎ ይወጣል። አማካዮቹ የተቀዳደሙ ዕለት እሱ ከወጣ ቆይቷል።