የተሸጠ መኪና ታክሱን አያስከትልም

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ ሰሜን ለንደን በሚኖር አንድ የአገራችን ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር መኪና የገዛችሁ፣ ለመግዛትም የምታስቡ፣ ጆሯችሁን አቅኑልኝ።

ጊዜው የ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025። ልጁ ለሥራው መኪና ሲያፈላልግ ቆይቶ ከአንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ደረሰ። ሰውየው በሠፈሩ የተከበሩ የአገር ሰው ናቸው። መኪናዋ በ2018 እ.ኤ.አ. መንገድ የወጣች የቤንዚን መኪና ናት። ዋጋ ተነጋገሩ፣ ተስማሙ። ልጁ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ።

“ጋሼ፣ የመንገድ ታክሱስ?”

“አታስብ ልጄ፣ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ተከፍሏል” አሉት።

እውነታቸውን ነው፤ ከፍለዋል። ልጁም አመነ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አገር ቤት መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ክፍያው ሲጠናቀቅ ቦሎ መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል፤ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ገዢውም በዓይኑ ያየዋል። እንግሊዝም ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ክብ ወረቀት መስተዋት ላይ ታስለጥፍ ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ግን ወረቀቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመኪናው ታክስ ያለው በስዋንሲ ከተማ በሚገኘው የመንጃና የተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ በዲቪኤልኤ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ያለው ካሜራ ታርጋውን ያነባል፣ ከመዝገቡ ያመሳክራል። መስተዋቱ ላይ የሚታይ ምንም ነገር የለም።

ከወረቀቱ ጋር ሌላም ነገር ቀርቷል፤ የልጁ ችግር የመነጨውም ከዚሁ ነው። ቀድሞ መኪና ሲሸጥ የተከፈለው ታክስ ከመኪናው ጋር ለገዢው ይተላለፍ ነበር። አሁን አይተላለፍም። ሻጩ መኪናውን መሸጡን ለዲቪኤልኤ ሲያሳውቅ ታክሱ ወዲያው ይሰረዛል፤ ለቀሩት ሙሉ ወራት የከፈለው ገንዘብ ለራሱ ይመለስለታል። ገዢው ደግሞ ገና ከሻጩ ደጅ ሳይነሳ በራሱ ስም መክፈል አለበት። የሚከፍለውም ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ታስቦ ነው። ስለዚህ የሽያጩን ወር ሻጭም ገዢም ይከፍሉታል፤ ሕጉ እንዲህ ነው።

ሰውየው በዚያው ቀን በኢንተርኔት ሽያጩን አሳወቁ። ልክ ነበሩ፤ ባያሳውቁ ኖሮ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጡ ይችሉ ነበር። ልጁ መኪናውን ይዞ ቤቱ ሲደርስ እንግዲህ መኪናዋ ታክስ ያልተከፈለባት ሆናለች። እሱ ይህን አያውቅም።

ልጁ በዚያው ሰሞን ቤት ሊቀይር ነበር። አዲሱ ሎግቡክ የሚላክበትን አድራሻ ሲጠየቅ ግን የነበረበትን ቤት ሰጠ፤ ሲዛወርም አድራሻውን አላስቀየረም። ዲቪኤልኤ ደብዳቤ የሚልከው ሎግቡክ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። “መኪናህ ታክስ የለውም” የሚለው ደብዳቤም ወደዚያው ሄደ። ቅጣቱ 80 ፓውንድ ነው፤ በ33 ቀን ውስጥ ለከፈለ ግን ወደ 40 ይወርዳል። ደብዳቤው ሳይከፈት 33ቱ ቀን አለፈ።

ኖቬምበር መገባደጃ ላይ አንድ ማለዳ ልጁ ለሥራ ሲወጣ የመኪናዋ ጎማ በብረት ታስሮ አገኘው። መስኮቱ ላይ የስልክ ቁጥር ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ደወለ። በ24 ሰዓት ውስጥ 100 ፓውንድ ከፍሎ ያስፈታል፤ አስቀድሞ ግን ታክሱን መክፈል አለበት። ታክሱን ሳይከፍል ላስፈታ ካለ 160 ፓውንድ ማስያዣ ይጨምራል፤ ማስያዣው የሚመለሰው በ15 ቀን ውስጥ ታክሱን መክፈሉን ካሳየ ነው። 24 ሰዓቱ ካለፈ መኪናዋ ተጭና ትወሰዳለች፤ ያኔ ማስለቀቂያው 200 ፓውንድ ይሆናል፣ ለማቆያ ደግሞ በየቀኑ 21 ፓውንድ ይታሰባል። ባለቤቱ ካልመጣ መኪናዋ ልትሸጥ ወይም ልትጨፈለቅ ትችላለች።

ታክሱን ለመክፈል ሎግቡኩ ላይ ያለው ባለ 11 አሃዝ ቁጥር ያስፈልጋል። ልጁ ወደ ድሮው ቤቱ ሮጠ። አብሮት ይኖር የነበረው ሰው የተጠራቀሙትን ፖስታዎች አስረከበው። ሎግቡኩ እዚያ አለ፤ የ80 ፓውንዱ ደብዳቤም አብሮ አለ።

በንዴት ለሻጩ ደወለላቸው። “ጋሼ፣ ተከፍሏል ብለውኝ አልነበረም እንዴ?”

ሰውየው ዝም አሉና፣ “ልጄ፣ በስሜ የ65 ፓውንድ ቼክ መጥቶልኝ ነበር። የምን እንደሆነ ሳይገባኝ ነው ያስገባሁት” አሉት።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። የዚያ ዓመት የመደበኛው መኪና ታክስ 195 ፓውንድ ነበር፤ በወር 16.25 ማለት ነው። ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ አራት ወር ነው፤ 65 ፓውንድ። ልጁ “ተከፍሎልኛል” ብሎ የተማመነበት ገንዘብ ያ ቼክ ነበር።

ልጁ የዓመቱን 195 ከፈለ፣ 100 ከፍሎ መኪናውን አስፈታ፣ 80ውንም ከፈለ። ቅጣቱ ብቻ 180 ፓውንድ፣ የዓመቱን ታክስ ሊያህል ምንም አልቀረው። በዚያ ላይ ቀላሉን እርከን ነው የቀመሰው። ታክስ በሌለው መኪና መንገድ ላይ ሲነዳ የተያዘ ሰው 30 ፓውንድና የዕዳውን አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ወይም እስከ ታክሱ አምስት እጥፍ፣ ከሁለቱ እስከሚበልጠው ሊደርስ ይችላል። ደግሞም ቅጣት መክፈል ታክስ መክፈል አይደለም፤ 80ውን ከፍሎ ታክሱን የረሳ ሰው መኪናው አሁንም ልትታሰር ትችላለች።

“መኪናዬ ቆሟል፣ አልነዳውም” የምትሉም ስሙ። ግቢያችሁ ውስጥ ቢቆምም ሶርን የሚባለውን ማሳወቂያ ካላስገባችሁ ቅጣቱ አይቀርም። ማሳወቂያው በነፃ ነው። መንገድ ዳር ለቆመ መኪና ግን አይሠራም፤ ሶርን የገባበትን መኪና መንዳትም እስከ 2,500 ፓውንድ ያስቀጣል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መኪና ስትገዙ ሻጩ አረንጓዴውን የአዲስ ባለቤት ወረቀት ይስጣችሁ። እሱ ላይ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር አለ። እዚያው ደጁ ላይ ቆማችሁ gov.uk ላይ ገብታችሁ ወይም በ0300 123 4321 ደውላችሁ በዚያ ቁጥር ክፈሉ። አንድ ጊዜ መክፈል ከከበዳችሁ በየወሩ ከባንክ እንዲቆረጥ ማድረግ ይቻላል፤ ጭማሪው አምስት በመቶ ነው። ቤት ስትቀይሩ ሎግቡኩንም አስቀይሩ። ሻጩ የቱንም ያህል የታመነ ሰው ቢሆን፣ “ታክሱ ተከፍሏል” የሚለው ቃል ለእናንተ አይሠራም፤ በራሳችሁ ስም ሳትከፍሉ ቁልፉን አታዙሩ።