ተጨማሪ እሴት ታክስ፦ 270 ብሩን ማን ከፈለው?

በገበያው «ቫት» ብለን የምንጠራው ግብር በአዋጁ ላይ ያለው ስም «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ነው። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ በዋጋው ላይ የተጨመረ ሌላ ግብር ይመስለዋል። «ተጨማሪ» የሚለው ቃል ግን የሚገልጸው ታክሱን ሳይሆን እሴቱን ነው። አንድ ነጋዴ ወይም አምራች በገዛው ዕቃ ላይ በሥራው የጨመረው ዋጋ አለ፤ ታክሱ የሚጣለው በዚያ ጭማሪ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ታክስ በ1995 ዓ.ም. ተግባራዊ ስታደርግ ቀድሞ የነበረውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ነው የገባው። መጣኔው ያኔም 15 በመቶ ነበር፣ በ2016 ዓ.ም. ሕጉ በአዲስ አዋጅ ሲተካም 15 በመቶ ሆኖ ቀጥሏል።

አሠራሩን አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ይዘን ከፋብሪካ እስከ ሱቅ እንከተለው። ዋጋዎቹን የመረጥኳቸው ስሌቱ እንዲቀል ነው። ቆዳ ፋብሪካው ለአንድ ጥንድ የሚበቃውን የለፋ ቆዳ ለጫማ ፋብሪካው በ600 ብር ይሸጣል፣ 90 ብር ቫት ጨምሮ 690 ብር ይቀበላል። ጥሬ ቆዳውን ያገኘው ለቫት ካልተመዘገቡ ሰብሳቢዎች ነው እንበልና የሚቀንሰው ታክስ ስለሌለው 90ውን ብር ሙሉውን ለመንግሥት ያስገባል። ጫማ ፋብሪካው ሰፍቶ ለጅምላ ነጋዴው በ1,200 ብር ሲሸጥ 180 ብር ቫት ይሰበስባል። ከዚህ ላይ ለቆዳው የከፈለውን 90 ብር ቀንሶ ቀሪውን 90 ብር ያስገባል። ጅምላ ነጋዴው በ1,400 ብር ሲሸጥ 210 ብር ይሰበስብና ለፋብሪካው የከፈለውን 180 ብር ቀንሶ 30 ብር ያስገባል። ባለሱቁ ደግሞ በ1,800 ብር ሲሸጥ 270 ብር ሰብስቦ፣ 210ሩን ቀንሶ 60 ብር ያስገባል።

አራቱ ያስገቡት 90፣ 90፣ 30 እና 60 ብር ሲደመር 270 ብር ነው። ይህም ጫማውን በ2,070 ብር የገዛው ሰው ደረሰኝ ላይ ከሰፈረው ታክስ ጋር ልክ ይገጥማል። አራቱም ገንዘቡን ተቀብለው አስተላለፉ እንጂ ከኪሳቸው አላወጡም። ገዢው ግን የሚቀንስበት ቀጣይ ሽያጭ ስለሌለው ታክሱ እሱ ዘንድ ይቆማል። (ቫት ካለበት ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ታክሱን ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በ15 አባዝቶ ለ115 ያካፍል። የ2,070 ብርን 15 በመቶ የሚያሰላ ሰው 310 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል፤ ስሕተት ነው።)

ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ ቢበጠስ ምን ይሆናል? ጅምላ ነጋዴው ለቫት ያልተመዘገበ ነው እንበል። ከፋብሪካው ሲገዛ 1,380 ብር ይከፍላል፤ በውስጡ ያለውን 180 ብር መቀነስ አይችልም። ስለዚህ ለእሱ ወጪ ነው። የተለመደችውን 200 ብር ትርፉን ጨምሮ በ1,580 ብር ያለ ቫት ይሸጣል። ባለሱቁ በእጁ የቫት ደረሰኝ ስለሌለው የሚቀንሰው የለም። 400 ብሩን ጨምሮ 1,980 ላይ ሲደርስ 15 በመቶው 297 ብር ይሆናል፣ ገዢውም 2,277 ብር ይከፍላል። ያው ጫማ፣ ያው የነጋዴ ትርፍ፣ ግን 207 ብር ተወደደ። መንግሥት 180 እና 297፣ በድምሩ 477 ብር አገኘ። በታክስ ላይ ታክስ ተጣለ ማለት ነው። የተመዘገቡ ድርጅቶች ካልተመዘገበ አቅራቢ መግዛት የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው፤ አቅራቢው ዋጋውን ካልቀነሰላቸው ያከስራቸዋል።

መጨረሻው ላይ ሲበጠስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባለሱቁ «በደረሰኝ 2,070፣ ያለ ደረሰኝ 1,950» ይላል። ገዢው ይስማማና 120 ብር ያተርፋል። ባለሱቁ ሽያጩን ይደብቃል፣ ጫማውን የገዛበትን ደረሰኝ ግን አይደብቅም። የከፈለውን 210 ብር ከሌሎች ሽያጮቹ ታክስ ላይ ይቀንስበታል። በ1,610 ብር ገዝቶ 1,950 ብር ከገዢው፣ 210 ብር ከታክሱ ሲያገኝ ትርፉ ከ400 ወደ 550 ብር ያድጋል። የገዢው 120 እና የባለሱቁ 150 ተደምሮ 270 ብር ነው። እንግዲህ የጠፋው ባለሱቁ ማስገባት የነበረበት 60 ብር ብቻ አይደለም፤ ከቆዳ ፋብሪካው ጀምሮ የገባው ሁሉ ተመልሶ ወጥቷል። ነጋዴ ከነጋዴ ሲገዛ ደረሰኝ የሚጠይቀው ስለሚቀንስበት ነው። የመጨረሻው ገዢ ግን በደረሰኙ የሚያገኘው ጥቅም የለም፣ የታክሱ ደካማ ጎንም ይኸው ነው። መርማሪ የሚጠረጥረው አገር ውስጥ ብቻ እየሸጠ የግዢ ታክሱ ከሽያጭ ታክሱ በየወሩ የሚበልጥበትን ሱቅ ነው። ዕቃው ካልተሸጠ መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት።

እስካሁን «የሚከፍለው የመጨረሻው ገዢ ነው» ብያለሁ። በሕጉ አሠራር እውነት ነው፤ በገበያው ውስጥ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ጎረቤት ሱቅ ተመሳሳይ ጫማ በ1,950 ብር የሚሸጥ ከሆነ የእኛ ባለሱቅ 2,070 ብር ብሎ የሚገዛው አያገኝም። ደረሰኝ ቆርጦ በ1,950 ብር ቢሸጥ ከዋጋው 254 ብር ገደማ ታክስ ነው፤ ለእሱ የሚቀረው ትርፍ ከ400 ወደ 296 ብር ግድም ይወርዳል። ደረሰኙ ላይ ታክሱን የከፈለው አሁንም ገዢው ነው፣ ከሸክሙ ከፊሉ ግን በባለሱቁ ትርፍ ላይ አርፏል። ገዢው እንደልቡ የሚተወው ዕቃ ሲሆን ሸክሙ ወደ ሻጩ ያዘነብላል፤ ሳይገዛ የማያድርበት ዕቃ ሲሆን ገዢው ላይ ይቀራል።

ታክስ ሲቀንስም ቅናሹ በሙሉ ወደ ገዢው አይሄድም። ፈረንሳይ በ2009 እ.ኤ.አ. የምግብ ቤቶችን ቫት ከ19.6 ወደ 5.5 በመቶ ዝቅ አድርጋ ነበር። ቅናሹ ሙሉ በሙሉ ለተመጋቢው ቢተላለፍ ኖሮ ዋጋው 12 በመቶ ያህል መውረድ ነበረበት። የወረደው ግን ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው ለባለቤቶቹ ሆነ፣ ጥቂቱም ለሠራተኞችና ለአቅራቢዎች ደረሰ።

ከዚሁ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር ልጨምር። «በዜሮ መጣኔ የሚስተናገድ» እና «ከታክስ ነጻ» የተባሉት አንድ አይደሉም። ጫማ ፋብሪካው ያንኑ ጫማ ወደ ውጭ ቢልክ በዜሮ መጣኔ ስለሚስተናገድ ከገዢው ምንም አይሰበስብም፣ ለቆዳው የከፈለው 90 ብር ግን ይመለስለታል። ጫማው ታክስ ሳይጫንበት ከአገር ይወጣል። የሕክምና አገልግሎት ግን ከታክስ ነጻ ነው። ክሊኒኩ ከታካሚው ቫት አይጠይቅም፣ በሌላ በኩል ለገዛቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች የከፈለውን ቫት የሚቀንስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ታክሱን ከወጪው ጋር ደምሮ የአገልግሎት ዋጋውን ይተምናል፤ ታካሚው ደረሰኝ ላይ የማያየውን ቫት ከፍሎ ይወጣል።